ለማለፍ ከማጠቃለያ ፈተና ስንት ያስፈልጋል? የተከታታይ ምዘና ድርሻ አስቀድሞ ሲታወቅ የሚሠራ ስሌት



የዛሬው ንግግሬ የሚያርፍበት ስሌት በአንድ መስመር ተጽፎ የሚያልቅ ነው። መደመርን፣ መቀነስን፣ ማባዛትንና ማካፈልን ብቻ ይጠይቃል። ለዚህ ደግሞ የሕዝብ ንግግር ያስፈልጋልን የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን በየሴሚስተሩ የማጠቃለያው ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተማሪዎች ወደ ቢሮዬ ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለማለፍ ከፋይናል ስንት ማምጣት አለብኝ?» ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ከጥያቄው ጋር ራሳቸው የሠሩትን መልስ ይዘው ይመጣሉ። መልሱ ትክክል ባልሆነ ጊዜ የሚከተለው ጉዳት ትንሽ አይደለም። አንዱ ያለቀለት መስሎት ሊያልፍ የሚችለውን ኮርስ ያቋርጣል፤ ሌላው ያለፈ መስሎት መጽሐፉን ይዘጋል። ስለዚህ ስሌቱን ከነምክንያቱ፣ ከሚበላሽባቸው ቦታዎችም ጋር ላስረዳ።

ምሳሌያችን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ዓይነት ኮርስ ይሁን። የተከታታይ ምዘናው ድርሻ ከመቶ 60፣ የማጠቃለያ ፈተናው ድርሻ ከመቶ 40 ነው እንበል። ስድሳው ሲዘረዘር ኩዊዝ 10፣ የአጋማሽ ፈተና 25፣ አሳይመንት 10፣ ፕሮጀክት 15 ይሆናል። ማለፊያው 50 ነው፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በሚሠራበት ሠንጠረዥ 50 የ«ሲ» መነሻ ነው። አሁን የአንዲትን ተማሪ ውጤት እንውሰድ። ተማሪዋ የፈጠርኳት ናት፤ ቁጥሮቿ ግን በየጊዜው የማያቸውን ይመስላሉ። ኩዊዙ የታረመው ከ20 ነበር፤ 9 አገኘች። የአጋማሽ ፈተናው የታረመው ከ50 ነበር፤ 19 አገኘች። አሳይመንቱ ከ10 ታርሞ 7፣ ፕሮጀክቱ ከ15 ታርሞ 6 ሆነላት።

የመጀመሪያው ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ተማሪዋ በወረቀቶቿ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ትደምራለች፤ 9 እና 19 እና 7 እና 6፣ ድምሩ 41። «ከስድሳው 41 ይዣለሁ፤ ለ50 የሚቀረኝ 9 ብቻ ነው» ትላለች። ነገር ግን 41ዱ ከ60 የተገኘ አይደለም። ወረቀቶቹ የታረሙባቸው ቁጥሮች ማለትም 20፣ 50፣ 10 እና 15 ሲደመሩ 95 ይሆናሉ። በፈተና ወረቀት ላይ የሚጻፈው ጥሬ ነጥብ ነው፤ መምህሩ ለእርማት እንዲመቸው የመረጠው መለኪያ እንጂ ኮርሱ ለዚያ ምዘና የሰጠው ክብደት አይደለም። እያንዳንዱ ጥሬ ነጥብ ወደ ክብደቱ መለወጥ አለበት፤ የተገኘው ነጥብ ወረቀቱ ለታረመበት ቁጥር ይካፈላል፣ ከዚያም በክብደቱ ይባዛል። ኩዊዙ 9 ለ20 ተካፍሎ በ10 ሲባዛ 4.5 ይሆናል። የአጋማሽ ፈተናው 19 ለ50 ተካፍሎ በ25 ሲባዛ 9.5 ይሆናል። አሳይመንቱና ፕሮጀክቱ የታረሙበት ቁጥርና ክብደታቸው አንድ ስለሆነ 7 እና 6 እንዳሉ ይቀመጣሉ። ድምሩ 27 ነው። ተማሪዋ 41 የመሰላት ነገር በእውነቱ 27 ነው፤ ከፈተናው የሚያስፈልጋትም 9 ሳይሆን 50 ሲቀነስ 27፣ ማለትም 23 ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የሚመጣው የመጀመሪያውን ካመለጡት ተማሪዎች ነው። እነዚህ 27ን ለ60 አካፍለው 45 ከመቶ ማግኘታቸውን በትክክል ያውቃሉ። ከዚያ ግን «45 አለኝ፣ ማለፊያው 50 ነው፣ የሚቀረኝ 5 ነው» ይላሉ። 45 ከመቶ የሚለው በተከታታይ ምዘናው ውስጥ ያላቸው ደረጃ ነው፤ የኮርሱ ጠቅላላ ውጤት አይደለም። በኮርሱ መለኪያ እጃቸው ላይ ያለው 27 ነው። ሁለቱን መለኪያዎች፣ «ከምዘናው መቶ» እና «ከኮርሱ መቶ» የሚባሉትን፣ በአንድ መስመር ላይ ማቀላቀል የዚህ ሁሉ ችግር ምንጭ ነው። ተማሪ መጥቶ «ስንት አለኝ» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከስንት?» ብዬ ነው።

ሦስተኛውም መለኪያ አለ። ከፈተናው የሚያስፈልገው 23፣ ክብደቱ 40 ከሆነው ፈተና ነው። 23 ለ40 ሲካፈል 57.5 ከመቶ ይሆናል። የፈተናው ወረቀት የሚታረመው ከ80 ከሆነ ደግሞ ያው 57.5 ከመቶ 46 ጥሬ ነጥብ ይሆናል። 23 ከ40፣ 57.5 ከመቶ፣ 46 ከ80፤ ሦስቱም አንድ ነገር ናቸው። ተማሪዋ በፈተናው አዳራሽ ውስጥ የሚጠቅማት የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም በእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ በቅንፍ የተጻፉት ነጥቦች የሚደመሩት ወደ 80 ነው።

እስከዚህ ድረስ ያልኩት የሒሳብ አያያዝ ነው። አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ስሌቱን በሌላ መልክ ብንጽፈው መልሱን ብቻ ሳይሆን መልሱ ለምን እንዲያ እንደሆነ ያሳየናል። ማለፊያውን P፣ የተከታታይ ምዘናውን ድርሻ w፣ በተከታታይ ምዘናው የተገኘውን ከመቶ c፣ ከፈተናው የሚያስፈልገውን ከመቶ x እንበላቸው። ጠቅላላው ውጤት ክብደት የተሰጠው አማካይ ነው፤ እርሱን ከማለፊያው ጋር እኩል ስናደርግ የሚከተለውን እናገኛለን፤

x = (P − w × c) / (1 − w)

ይህን አስተካክለን ስንጽፈው ደግሞ፤

x = P + (w / (1 − w)) × (P − c)

ሁለተኛው አጻጻፍ ከፊተኛው ጋር እኩል ነው፤ ነገር ግን የበለጠ ይናገራል። ተማሪው በተከታታይ ምዘናው ልክ ማለፊያውን ካገኘ፣ ማለትም c እና P እኩል ከሆኑ፣ ከፈተናውም የሚፈለግበት ልክ ማለፊያው ነው። ይህ ክብደቶቹ ምንም ቢሆኑ እውነት ነው፤ 30 ለ70 ይሁን ወይም 80 ለ20፣ ሃምሳ ያለው ሃምሳ ይፈለግበታል። ከዚያ ነጥብ ወዲህ ወይም ወዲያ ያለው ርቀት ነው የሚለየው፤ ያ ርቀት በአንድ ቁጥር ይባዛል። ያንን ቁጥር፣ የሁለቱ ድርሻዎች አንዱ ለሌላው ሲካፈል የሚገኘውን፣ በዚህ ንግግር ውስጥ «ማባዣ» እለዋለሁ።

ወደ ተማሪያችን እንመለስ። ከሃምሳ የጎደላት 5 ነው። ማባዣው 60 ለ40 ሲካፈል 1.5 ነው። 5 በ1.5 ሲባዛ 7.5፣ በ50 ላይ ሲደመር 57.5፤ ቀድሞ ያገኘነው መልስ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በተከታታይ ምዘናው የጎደለ እያንዳንዱ አንድ ከመቶ በኮርሱ ላይ 0.6 ጉድለት ይፈጥራል፤ በፈተናው የሚገኝ እያንዳንዱ አንድ ከመቶ ግን የሚሞላው 0.4 ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ጉድለት ለመሙላት አንድ ተኩል ያስፈልጋል። ትርፍም በዚያው ማባዣ ይባዛል፤ በተከታታይ ምዘናው 60 ከመቶ ያገኘ ተማሪ 10 ትርፍ ስላለው ከፈተናው የሚፈለግበት በ15 ቀንሶ 35 ይሆናል።

አሁን የተማሪዋን 45 ከመቶ ሳንነካ ክብደቶቹን ብቻ እንለዋውጥ። የተከታታይ ምዘናው ድርሻ 30 ቢሆን ኖሮ ማባዣው 0.43 ገደማ ስለሚሆን ከፈተናው የሚያስፈልጋት 52.1 ከመቶ በሆነ ነበር። በ50 ለ50 ክፍፍል 55፣ በ60 ለ40 እንዳየነው 57.5፣ በ70 ለ30 ደግሞ 61.7 ገደማ ይሆናል። 80 ለ20 ላይ ስንደርስ ማባዣው 4 ነው፤ አምስቷ ጉድለት ሃያ ትሆንና 70 ከመቶ ትጠየቃለች። ዕውቀቷ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የኮርሱ መግለጫ ነው።

ባልደረቦቼ ይህን ልብ እንዲሉት እወዳለሁ። የተከታታይ ምዘናን ድርሻ ከፍ የምናደርገው ተማሪው በአንድ ቀን ፈተና እንዳይወድቅ ብለን ነው፤ ለጀማሪው ሳምንት ያ እውነት ነው። በሴሚስተሩ መጨረሻ ላይ ግን ያው ውሳኔ ተገልብጦ ይሠራል፤ ዘግይቶ የገባው፣ ዘግይቶም የነቃው ተማሪ የሚድንበት በር ይጠብባል። በእኔ አመለካከት ድርሻው ከ60 ካለፈ ተማሪው ያለበትን ቦታ በየወሩ በክብደት ተሰልቶ ሊነገረው ይገባል። ከፈተናው በፊት ባለው ሳምንት ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለጠፍ፣ ያውም በጥሬ ነጥብ፣ 41ን በ27 ቦታ የሚያስቀምጠውን ስሕተት እኛው እንደማዘጋጀት ነው። በሰሌዳ ላይ በምንለጥፈው ዝርዝር ውስጥ በክብደት የተለወጠውን ቁጥር የሚያሳይ አንድ ዓምድ መጨመር ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ቀመሩ የሚሰጠው መልስ ከ100 በላይ ወይም ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ መልሱ ስሕተት ነው ብላችሁ አትጣሉት። ተማሪያችን «ሲ» ሳይሆን «ቢ» ብትፈልግና የ«ቢ» መነሻ 70 ቢሆን፣ በኮርሱ መለኪያ 43 ያስፈልጋታል፤ ፈተናው ግን ያለው 40 ብቻ ነው። ከመቶ ሲሰላ 107.5 ይሆናል። ይህ ቁጥር የሚናገረው «ቢ» በዚህ ሴሚስተር የተዘጋ መሆኑን ነው፤ ይህንንም ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የጥናት ሰዓትን ወደ ሌላ ኮርስ ለማዞር ያስችላል። በተቃራኒው በተከታታይ ምዘናው ከስድሳው 52 የያዘ ተማሪ መልሱ ከዜሮ በታች ይወጣለታል፤ በስሌት ረገድ አልፏል ማለት ነው። በደንብ ረገድ ግን ማለፉ በስሌቱ ብቻ አይወሰንም፤ ፈተናውን ያልተቀመጠ ተማሪ እንደ ሌላው ዜሮ ተሰጥቶት የሚደመርለት አይደለምና።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ደንብ አለ። አንዳንድ ኮርሶች ጠቅላላው 50 ከመሆኑ በተጨማሪ በማጠቃለያው ፈተና ብቻ ዝቅተኛ ነጥብ ይጠይቃሉ። በብሪታንያ የሚማሩ ልጆቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል፤ በዚያ ለመጀመሪያ ዲግሪ የተለመደው ማለፊያ 40፣ ለማስተርስ 50 ሲሆን በብዙ ኮርሶች እያንዳንዱ ምዘና የራሱ ዝቅተኛ ወለል አለው። እንዲህ ያለ ደንብ ካለ ከሁለቱ ቁጥሮች የሚበልጠውን ትወስዳላችሁ። ቅድም ያየነው 35 ብቻ የሚፈለግበት ተማሪ የፈተናው ወለል 40 ከሆነ የሚፈለግበት 40 ነው። ይህን ቀመሩ ሊነግራችሁ አይችልም፤ የኮርሱን መግለጫ ማንበብ ያስፈልጋል። እንዲሁም መምህሩ ደረጃዎችን የሚሰጠው በክፍሉ ውጤት አቀማመጥ፣ ማለትም በተለምዶ «በከርቭ» ከሆነ፣ ማለፊያው አስቀድሞ የታወቀ ቁጥር አይደለም፤ P በሌለበት ደግሞ ስሌቱ መነሻ የለውም።

ስለ ማጠጋጋት ትንሽ ልበል፤ ብዙ ክርክር የሚነሣው በእርሱ ነው። የተማሪያችን ፕሮጀክት 6 ሳይሆን 6.3 ተሰጠው እንበል። ድምሯ 27.3 ይሆናል፤ ከፈተናው 22.7 ያስፈልጋታል፤ ከ80 በሚታረመው ወረቀት 45.4 ጥሬ ነጥብ ማለት ነው። በትምህርት ቤት የተማርነውን የማጠጋጋት ሕግ ብንከተል 45.4 ወደ 45 ይወርዳል። ነገር ግን 45 ከ80 በኮርሱ መለኪያ 22.5 ነው፤ ከ27.3 ጋር ሲደመር 49.8 ይሆናል። የሚያስፈልግ ነጥብ ምንጊዜም ወደ ላይ ነው የሚጠጋጋው፤ 45.1 ቢሆን እንኳ 46 ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ 49.8 በመጨረሻ እንደ 50 ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ነው። ይህ የሒሳብ ሳይሆን የደንብ ጥያቄ ነው። የሚቆጠር ከሆነ የሚያስፈልገው ጠቅላላ 49.5 ስለሚሆን 45 ይበቃታል፤ የማይቆጠር ከሆነ አይበቃትም። አንዳንድ መምህር ደግሞ እያንዳንዱን ምዘና በየደረጃው ያጠጋጋል፤ 4.5ን 5፣ 9.5ን 10 ያደርጋል። እንዲህ ከሆነ ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ 27 ወደ 28 ከፍ ይላል። ደግ መስሎ ቢታይም ከአጠገቧ የተቀመጠው 4.4 እና 9.4 ያለው ተማሪ በዚያው እጅ 0.8 ይወሰድበታል። ማጠጋጋት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጨረሻው ድምር ላይ ቢደረግ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ብዙ ጊዜ ስሌቱ በሚሠራበት ሰዓት ሁሉም ውጤት አልታወቀም። የፕሮጀክቱ ውጤት ገና አልተነገረም እንበል። ተማሪያችን እጇ ላይ ያላት 21 ብቻ ነው። ይህን 21 ከ60 አድርጎ ማስላት ፕሮጀክቱን ዜሮ አድርጎ መውሰድ ስለሆነ ያለ ምክንያት ያስደነግጣል፤ የሚያስፈልጋትን ከፈተናው 29 ከ40፣ ማለትም 72.5 ከመቶ ያደርገዋል። ተገቢው ዘዴ በሁለት ቁጥሮች መሥራት ነው። ፕሮጀክቱ ቢከፋ 5፣ ቢያምር 12 ይመጣል ብላ ብትገምት፣ ተከታታይ ምዘናዋ ከ26 እስከ 33፣ የሚያስፈልጋት ደግሞ ከ24 እስከ 17 ይሆናል። ከመቶ ሲነገር ከ60 እስከ 42.5 ነው። በዚህ መካከል ፕሮጀክቱ ላይ የምትጨምረው እያንዳንዱ አንድ ነጥብ ከፈተናው 2.5 ከመቶ ይቀንስላታል። የማስረከቢያው ቀን ካላለፈ ይህ ልዩነት ሌሊቱን በፕሮጀክቱ ላይ ወይም በፈተናው ዝግጅት ላይ ለማሳለፍ የምትወስንበት ሚዛን ነው። ለጥናት ዕቅድ ግን የምትይዘው የከፋውን፣ 60ን ነው።

አሁን የተገኘው ቁጥር ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ልናገር። 57.5 ያስፈልገኛል ያለ ተማሪ ብዙ ጊዜ 57.5 ለማምጣት ይዘጋጃል። ፈተና ግን ዕውቀትን በልኩ የሚቆርጥ መቀስ አይደለም፤ የትኛው ጥያቄ እንደሚመጣ በዕድል የሚወሰንበት ክፍል አለው። ነገሩን በቁጥር ለማየት ፈተናው አንዳንድ ነጥብ ያላቸው 40 የምርጫ ጥያቄዎች አሉት እንበል፤ ተማሪዋ 23 በትክክል መመለስ አለባት። እያንዳንዱን ጥያቄ በትክክል የመመለስ ዕድሏ 57.5 ከመቶ ከሆነ፣ ጥያቄዎቹም አንዱ በሌላው ላይ ካልተመረኮዙ፣ 23 ወይም ከዚያ በላይ የምታገኝበት ዕድል ከመቶ 56 ገደማ ነው። ሳንቲም ከመወርወር እምብዛም አይሻልም። ዝግጅቷ 65 ከመቶ ቢደርስ ዕድሏ ወደ 88 ይወጣል፤ 70 ቢደርስ ደግሞ ወደ 97። ልብ በሉ፤ ከ57.5 ወደ 65 ለመድረስ የተጨመረው ከ40 ጥያቄ ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው፤ በእነዚያ ሦስት ጥያቄዎች የመውደቅ ዕድሉ ከመቶ 44 ወደ 12 ወረደ። ስለዚህ የሚያስፈልገው ነጥብ ወለል ነው፤ ዕቅድ የሚያዘው ከወለሉ በላይ ነው። ጽሑፋዊ መልስ በሚጠየቅባቸው፣ ጥቂት ነገር ግን ትልልቅ ጥያቄዎች ባሉባቸው ፈተናዎች መዋዠቁ ከዚህ ይብሳል፤ ባለ 20 ነጥብ አንድ ጥያቄ ካመለጠ ከ80ው ሩቡ አብሮ ይሄዳል።

ከጥያቄዎቻችሁ አንዱን እዚህ ላይ አነሣለሁ፤ ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት አንድ ተማሪ በወረቀት ጽፎ የሰጠኝ ነው። በሕመም ምክንያት ክብደቱ 10 የሆነ አንድ ፈተና አምልጦታል፤ የሐኪም ማስረጃም አቅርቧል። ኮርሱ 50 ለ50 የተከፈለ ነው፤ ከቀሪው 40 ተከታታይ ምዘና 18 ይዟል። ከማጠቃለያው ፈተና ስንት ይፈለግብኛል ይላል።

መልሱ የሚወሰነው ያመለጠው አሥር የት እንደሚሄድ ነው፤ መንገዱም ሦስት ነው። ማስረጃው ተቀባይነት ካላገኘ አሥሩ ዜሮ ሆኖ ይቆያል፤ ያለው 18 ከ50 ስለሆነ ከፈተናው 32 ከ50፣ ማለትም 64 ከመቶ ያስፈልገዋል። መምህሩ የተሠራውን 40 ወደ 50 ከፍ አድርጎ ካሰላለት 18ቱ 22.5 ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው 27.5 ከ50፣ ማለትም 55 ከመቶ ነው። አሥሩ ወደ ማጠቃለያው ፈተና ተዛውሮ ፈተናው ከ60 ከሆነለት ደግሞ 18 ይዞ 32 ከ60 ያስፈልገዋል፤ 53.3 ከመቶ ገደማ ነው።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለምን እንደሚለያዩ ማባዣው ይነግረናል። በሁለቱም መንገድ ተማሪው በተከታታይ ምዘናው ያለው 45 ከመቶ ነው፤ የጎደለው 5 ነው። በመጀመሪያው ማባዣው 1፣ በሁለተኛው 40 ለ60 ሲካፈል 0.67 ገደማ ነው። ከማለፊያው በታች ላለ ተማሪ ክብደቱ ወደ ፈተናው መሄዱ ይቀልለዋል፤ ከማለፊያው በላይ ላለ ተማሪ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ትርፉ በትንሽ ማባዣ ስለሚባዛ የሚቀነስለት ያንሳል። ከ40ው 28፣ ማለትም 70 ከመቶ ቢይዝ ኖሮ፣ ውጤቱ ወደ 50 ከፍ ተደርጎ ሲሰላ ከፈተናው የሚፈለግበት 30 ከመቶ ብቻ ነበር፤ አሥሩ ወደ ፈተናው ሲዛወር ግን 22 ከ60፣ ወደ 36.7 ከመቶ ከፍ ይላል። ስለዚህ የጠየቅኸኝ ተማሪ፣ ከሦስቱ የትኛው እንደተወሰነልህ ከመምህርህ ወይም ከትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ ሳታገኝ የማንንም ስሌት፣ የእኔንም ቢሆን፣ ይዘህ ወደ አዳራሹ አትግባ፤ እስኪነገርህ ድረስ የምትዘጋጀው ለ64 ነው።